ጥቆማ፦ የጅማው ቁጥሬ ኮድ አልቀበል ብሏል፤ ከውጭ ሆኜ የቤት ኢንተርኔቱንና ሌሎቹን በምን ላቋርጥ?

የኪቶ ልጅ፣ ከሃኖቨር
ሰላም የጅማ ልጆች። ከአገር ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሲሜን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ ካርድ ሳልሞላበት ቆይቼ አሁን ሳስገባው ኔትወርክ አይዝም። ኪቶ ያለው ቤታችን ተዘግቷል፣ እናቴም አዲስ አበባ እህቴ ጋ ገብታለች። የቤት ኢንተርኔቱ ግን በስሜ ስለሆነ ሂሳቡ ይቆጥራል። በመተግበሪያ ገብቼ ላቋርጥ ስል ኮዱን የሚልከው ወደ ድሮው ቁጥር ነው። የባንኩም እንደዚያው። ዲኤስቲቪና የቴሌግራም ፕሪሚየምም አሉብኝ። ኤምባሲ ሄጄ ውክልና ልስጥ ወይስ ጅማ ላይ በሰው ማስጨረስ ይቻላል? የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

አጂፕ ሰፈር
ወንድሜ ለምን ትጨነቃለህ? ዝም በለው። ካልከፈልክ ራሱ ይቆረጣል። እኔ ዲኤስቲቪ ከተውኩ ዓመት አልፎኛል፣ ማንም ደውሎ ክፈል አላለኝም።

ፈረንጅ አራዳ፣ ሲም ስሸጥ የኖርኩ
የአጂፑ ወንድማችን ስለ ዲኤስቲቪ ያለው ልክ ነው። እሱ ቀድሞ የሚከፈል ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ምስሉ ይጠፋል፣ ዕዳም አይኖርም። ስለዚህ እሱን ከዝርዝርህ አውጣው። የቤት ኢንተርኔት ግን ሂሳቡ የሚመጣው ከተጠቀምክ በኋላ ነው። ባትከፍል መስመሩ ይዘጋል፣ የተጠራቀመው ግን በስምህ ይቀመጣል። ነገ እናትህ ሌላ መስመር በስምህ ላስገባ ብትል መጀመሪያ የምትጠየቀው እሱን ነው። ስለዚህ ዝም ማለት ማቋረጥ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ኤምባሲ ከመሄድህ በፊት ጅማ ያለ ሰው ወደ ድሮው ቁጥርህ ይደውል። ሌላ ሰው ካነሳው ቁጥሩ ተሽጧል፤ እሱን ለማስመለስ አትድከም። ስልኩ ተዘግቷል ካለ መስመሩ አለ፣ የሚጎድለው ሲሙ ብቻ ነው። አገልግሎት ላይ አይደለም ካለ መስመሩ ራሱ ተዘግቷል፣ ግን ለሌላ ካልተሰጠ ተስፋ አለው። ይህን ሳታውቅ ውክልና ብታሠራ ገንዘብህንም ጊዜህንም ልታባክን ትችላለህ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሲሙ የተመዘገበው በማን ስም ነው? ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ድሮ መታወቂያ ያልነበረው ተማሪ በአባቱ ወይም በወንድሙ ስም ነበር የሚያወጣው። እንደዚያ ከሆነ ውክልና አያስፈልግህም፤ ባለስሙ መታወቂያውን ይዞ ራሱ ሄዶ ምትክ ሲም ይጠይቃል። በአንተ ስም ከሆነ ግን ያለ ውክልና አይሰጡም፣ መስጠትም የለባቸውም። የሚሄደው ሰው ዋናው የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ይሂድ። ትንንሽ ሱቆች አዲስ ሲም ይሸጣሉ እንጂ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያመላልሱታል።

ከጅዳ የተመለሰች
እኔም ይህ ችግር አለብኝ! ጅማ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። የሳዑዲ ቁጥሬ ስለተዘጋ እዚያ ባንክ የቀረ ገንዘቤን ማየት አልቻልኩም። ይህ የሲም ምትክ ነገር ለእኔ ይሠራል?

ፈረንጅ አራዳ፣ ሲም ስሸጥ የኖርኩ
እህቴ፣ ያንቺ ተቃራኒው ነው፤ ጅማ ያለ ማዕከል የሳዑዲ ሲም ሊያወጣልሽ አይችልም። እዚያ የቀረ የምታምኚው ዘመድ ካለሽ ከባንኩ ቅርንጫፍ ይጠይቅልሽ። ለብቻው ጥያቄ አድርገሽ ለጥፊው፣ የሳዑዲውን አካሄድ የሚያውቅ አይጠፋም።

የሂርማታዋ
ውክልናውን እኔ አልፌበታለሁና ልናገር። ባለቤቴ ካናዳ ሆኖ በኤምባሲው በኩል ነው የላከልኝ። ወረቀቱ ጅማ ደረሰ ማለት ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። መጀመሪያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተሙን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይመዘገባል። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አስቡት፤ እኔ በሌሊት ተነስቼ ሄጄ በማግስቱ ነው ያለቀልኝ። አንተ ግን እናትህ አዲስ አበባ ስላሉ በእሳቸው ወይም በእህትህ ስም ብታደርገው ከዚህ ድካም ትድናለህ።

ሌላው፣ ይዘቱን አጥብቀህ አጻፍ። የባለቤቴ የመጀመሪያው ውክልና «ንብረቴንና ጉዳዬን እንድታስተዳድር» ብቻ ይል ስለነበር ሲሙን አልሰጡኝም። እንደገና ሲልክ «የስልክ ቁጥሬን ምትክ ሲም ካርድ እንድታወጣ፣ የቤት ኢንተርኔት ውሌን እንድታቋርጥ፣ ያለብኝን ሂሳብ እንድትከፍል» ተብሎ ተጻፈ፤ በዚህኛው ግን ቃል ሳይናገሩ አስተናገዱኝ። የቤት ኢንተርኔቱን ለማቋረጥ ደግሞ ኮድ አልጠየቁኝም። በ047 የሚጀምረውን የመስመሩን ቁጥር፣ ውክልናውንና መታወቂያዬን አይተው፣ ዕዳውን ከፍዬ፣ የሰጡንን መሣሪያ መልሼ፣ ማቋረጫ ቅጹን ፈረምኩ። የቅጹን ቅጂ ተቀብያለሁ። በሚቀጥለው ወር ሂሳብ መጥቶ ነበርና ያንን ቅጂ ባልይዝ ኖሮ የማሳየው አልነበረኝም።

ኮቺ
ለቴሌግራሙ ምንም ሲም አያስፈልግህም። በስልክህ እስካልወጣህበት ድረስ ቅንብር ውስጥ ገብተህ ቁጥር ለውጥ በለው፣ ኮዱ የሚላከው ወደ ጀርመኑ ቁጥርህ ነው። ከመለያው ግን እንዳትወጣ! ፕሪሚየሙን በጉግል ወይም በአፕል በኩል ከገዛኸው የምታቋርጠው ከዚያው መለያህ የደንበኝነት ዝርዝር ነው።

ለቀጣይ የምትወጡ ደግሞ፣ እኔ ሲሜን ለእህቴ ትቼላት ነው የመጣሁት። ኮድ ሲመጣ ትደውልልኛለች።

የሂርማታዋ
ይሄ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ባንክህ በዚያ ቁጥር ከተያዘ ሲሙን የያዘ ሰው ገንዘብህን ይዟል ማለት ነው።

ኮቺ
እህቴ ናት እኮ። ሰው በእህቱ ካልተማመነ በማን ይተማመን?

ፈረንጅ አራዳ፣ ሲም ስሸጥ የኖርኩ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን የምስጢር ቁጥሩን አብራችሁ አትስጡ። ስልኩ ቢሰረቅ እህትህም ምንም ማድረግ አትችልም። ሮሚንግ አስከፍቶ ሲሙን በሁለት ሲም ስልክ ውስጥ መያዝም አለ፤ ካርድ ከጅማ ይሞላልሃል። በቃ እንዳይዘጋ መጠቀም ነው።

የኪቶ ልጅ፣ ከሃኖቨር
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ያክስቴ ልጅ ወደ ድሮው ቁጥር ሲደውል «አገልግሎት ላይ አይደለም» አለው፤ ማንም አላነሳውም። ከዚያ ታላቅ ወንድሜን ብጠይቀው ሲሙ በእሱ ስም ነው፤ አሥረኛ ክፍል እያለሁ እሱ ነበር ያወጣልኝ፣ እኔ ረስቼዋለሁ። መታወቂያውን ይዞ ሄደ፣ በዚያው ቀን ምትክ ሲም ይዞ ወጣ። ኮዱን በስልክ አነበበልኝና መተግበሪያው ውስጥ ገባሁ። ማቋረጫ ግን እዚያ የለም! ሂሳብ ማየትና መክፈል ብቻ ነው ያለው። የአራት ወር ዕዳ ከፈልኩ። ውሉ በእኔ ስም ስለሆነ ለሱ ውክልናው አልቀረም፤ የሂርማታዋ በነገርሽኝ ቃላት አጽፌ ለእህቴ ልኬያለሁ። ቴሌግራሙን በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ፣ ኮቺ አመሰግናለሁ።

የባንኩ ግን አላለቀም። የጀርመን ቁጥሬን ላስመዝግብ ስል ቅርንጫፍ በአካል ካልመጣህ አሉኝ። እህቴ በውክልናው ብትሄድ የሚቀበሉ አሉ? እዚያ ያስጨረሰ ካለ ውክልናው ላይ ምን እንደተጻፈ ቢነግረኝ፤ ወረቀቱ ገና ውጭ ጉዳይ አልገባም፣ ካስፈለገ እንደገና አጽፋለሁ።

ፈረንጅ አራዳ፣ ሲም ስሸጥ የኖርኩ
ባንኩ እስኪያልቅ ወንድምህ ሲሙን ስልክ ውስጥ ያቆየው፣ ካርድም ይሙላበት። ቁጥሩ ዳግመኛ ተዘግቶ ለሌላ ከተሸጠ የባንክህ መልእክት ለማታውቀው ሰው ነው የሚደርሰው።