ስፖንጁ በሦስተኛው ቀን ይሸታል፤ ልቀቅለው ወይስ ልጣለው?

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃ የማጥበው አንድ ፊቱ ቢጫ፣ ሌላው ፊቱ ሻካራ አረንጓዴ በሆነው ስፖንጅ ነው። ገና በሦስተኛው ቀን መሽተት ይጀምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ የፈላ ውሃ አፈስበታለሁ፤ ሰኞ ተመልሶ ይሸታል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን የማጥበው በሳፋ ነው፤ ስፖንጁም እዚያው ሳፋ ውስጥ ያድራል። የስምንት ወር ልጅ አለችኝ፤ የእሷንም ሳህን የማጥበው በዚሁ ነው። ከስፖንጅ፣ ከጨርቅ፣ ከሽቦና ከብሩሽ የትኛው ይሻላል? በስንት ጊዜስ ልቀይር?

የካዛንቺሱ ጎረቤት

እህቴ፣ ይህ ቀላል ነው። ስፖንጁን አርጥበሽ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ አቆዪው፤ ባክቴሪያ የሚባል ነገር አይተርፍም። እኔ በአንድ ስፖንጅ አራት ወር ተጠቅሜአለሁ፣ እስካሁን ሆዴን አሞኝ አያውቅም። ማይክሮዌቭ ከሌለሽ ደግሞ በረኪና ውስጥ ሎሚ ጨምቀሽ ዘፍዝፊው፤ ሎሚው ሽታውን፣ በረኪናው ጀርሙን ይወስድልሻል።

የላብራቶሪው

ከሁሉ በፊት፦ በረኪናና ሎሚ በፍጹም አይቀላቀሉ። ኮምጣጤም እንደዚሁ። አሲድ በረኪናን ሲያገኘው የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ በጠባብ ኩሽና፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሕፃን ባለችበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ወንድሜ፣ ያንን መስመር ብታነሣው ደስ ይለኛል።

የማይክሮዌቩ ነገር ግን ግማሹ እውነት ነው። በ2007 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ስፖንጆችን ሆን ብለው በባክቴሪያ በክለው የተለያየ ማጽጃ ሞክረውባቸው ነበር። እርጥብ ስፖንጅ ለአንድ ደቂቃ በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ከባክቴሪያው 99.99999 በመቶው ሞተ። በተበረዘ በረኪና፣ በሎሚ ጭማቂና በንጹህ ውሃ ለየብቻ የተዘፈዘፉት ላይ ግን የሞተው ከ37 እስከ 87 በመቶ ብቻ ነበር። 87 ብዙ ይመስላል። አንድ ሚሊዮን ከነበረ ግን 130 ሺህ ተርፏል ማለት ነው። ባክቴሪያ የሚበዛው ለሁለት እየተከፈለ ነው፤ 130 ሺሁ 260፣ ከዚያ 520፣ ከዚያ 1,040 ሺህ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ብቻ ተከፍሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

የአራት ኪሎዋ እህታችን፣ ቅዳሜ ተደርጎ ሰኞ የሚመለሰው ሽታ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ማይክሮዌቩም ቢሆን አያድንሽም። አሮጌ ስፖንጅ ውስጥ አሥር ቢሊዮን ባክቴሪያ አለ ብለን እናስብ፤ ከላይ ያለው መቶኛ ልክ ቢሠራ እንኳ አንድ ሺህ ይቀራል። ከአንድ ሺህ ወደ አሥር ቢሊዮን ለመመለስ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ጊዜ መከፈል በቂ ነው። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ አንዱ ክፍፍል ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ ሁለት ቀን መሆኑ ነው። ምግቡ አለ፣ ውሃው አለ፤ የቀረው ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ምን ይገድለዋል» ከማለት ይልቅ «ምን ያደርቀዋል» ብለሽ ጠይቂ። የኖርዌይ ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት ስፖንጅንና ባለእጀታ የዕቃ ብሩሽን አወዳድረው ነበር። ሳልሞኔላ የሚባለው፣ ምግብ የሚመርዝ ባክቴሪያ በሁለቱም ላይ ተደረገ። ብሩሹ ላይ የነበረው እየደረቀ ሲሄድ ቁጥሩ በጣም ቀነሰ፤ ስፖንጁ ውስጥ የነበረው ግን ውስጡ እርጥብ ስለሚያድር ተረፈ። ልዩነቱ የተሠሩበት ነገር አይደለም፣ ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው። የብሩሹ ጸጉር መካከል አየር ያልፋል፤ ስፖንጁ ላዩ ደርቆ ሆዱ ያረገዘው ውሃ ይቀራል።

ዛሬ ማታ ሞክሪው። ስፖንጁን እንደ ወትሮው ጨምቀሽ ሽቦ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪ፣ አንድ ስስ የጥጥ ጨርቅም አርጥበሽና ጨምቀሽ አጠገቡ ዘርግተሽ ስቀዪ። ጠዋት ሁለቱንም በነጭ ሶፍት ጠቅልለሽ በደንብ ጨብጪ። ሶፍቱ ላይ የውሃ ምልክት የጣለው ሌሊቱን ሲያረባ ያደረው ነው።

የፒያሳዋ እናት

ልጆቼ፣ የምጣድ ማሰሻዬን ይህን ያህል መጠርጠር አለብኝ ወይ? እኔ ማሰሻዬን በጎመን ዘር እየነከርሁ ምጣዱን ሳስስበት ዓመታት ሆኖታል፤ ጥቁር ሆኗል፣ ነገር ግን ሸቶ አያውቅም። በእናቴ ጊዜ ዕቃ የምናጥበው በቃጫና በአመድ ነበር። ስፖንጅ የሚሉት ሳይመጣ ሰው ሁሉ ታምሞ ነበር እንዴ?

የላብራቶሪው

እማማ፣ እርስዎ የሚሉት ማሰሻ ከዚህ ጉዳይ ውጪ ነው፤ ግን ለምን እንደማይሸት ቢያውቁት ጥሩ ነው። በጋለ ምጣድ ላይ ይታሻል፣ የያዘውም ዘይት እንጂ ውሃ አይደለም። ውሃ በሌለበት ባክቴሪያ አይራባም። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፤ ዘይቱ ሲቆይ ይበላሻል፣ ያን ጊዜ ሽታውን ራስዎ ያውቁታል። ቃጫዎም ቢሆን ጥሩ ዕቃ ነበር፦ ክሩ ክፍት ስለሆነ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ በቶሎ ይደርቃል። ከስፖንጁ ይልቅ ለብሩሹ ይቀርባል።

ምግብ ቤት ያለኝ

እኔ በሽቦ የደረሰብኝን ልናገር። ሰታቴ የምናጥበው በብረት ሽቦ ነበር። ሽቦ ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከሽሮው ውስጥ እንደ ጸጉር የቀጠነች የብረት ክር አውጥቶ ሳህኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠልኝ። ምንም አልተናገረም፤ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ለተቃጠለ ድስት ብቻ ነው፣ እርሱም መዛግና መበጣጠስ የጀመረ ዕለት ይጣላል። በሽቦ የተፈተገ ድስት ደግሞ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል።

ለቀረው ዕቃ ጨርቅ እንጠቀማለን። ያረጀ የጥጥ አንሶላ ቀድደን ሃያ ያህል አዘጋጅተናል፤ የጠዋቱ ማታ አይደገምም። ማታ በሳሙና ታጥበው አንድ ላይ ይቀቀላሉ። ግን እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ጨርቅ ከስፖንጅ የሚሻለው ብዙ ካለሽ ብቻ ነው። አንድ ጨርቅ ይዘሽ ጠረጴዛውንም፣ ሳህኑንም፣ የፈሰሰውንም ከጠረግሽበት ስፖንጁን ያስመኝሻል።

የካዛንቺሱ ጎረቤት

የሎሚውን ምክር ትቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው ይባላል። ታዲያ መቀቀል እዚህ ይሠራል?

የላብራቶሪው

ይሠራል። ኩሽና ውስጥ የምንፈራቸው እነ ሳልሞኔላ ከዚያ በታች በሆነ ሙቀት ይሞታሉ። አምስት ደቂቃ እየተንተከተከ ይቆይ፣ ያ በቂ ነው። የማይሠራው የአራት ኪሎዋ እህታችን የምታደርገው ነው፤ የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ሳፋ ውስጥ ባለ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ሲፈስ ውስጡ ሳይደርስ ይበርዳል። መዘፍዘፍና መቀቀል አንድ አይደሉም።

ስለ ማይክሮዌቩ አንድ ልጨምር፦ ደረቅ ስፖንጅ እሳት ይይዛል፣ የብረት ክር ያለበትም አይገባም። በረኪና ለጨርቅ የምትጠቀሙ ደግሞ መጀመሪያ ቅባቱንና ሳሙናውን አጥባችሁ አውጡ። ቆሻሻው የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል።

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)

የሶፍቱን ሙከራ ሌሊቱን አደረግሁት። ጨርቁ ምንም አልተወም። ስፖንጁን ስጨብጠው ሶፍቱ ረጥቦ ተቀደደ፤ ቢጫ ውሃም ጣቶቼ መካከል ወጣ። ባለቤቴ አይቶ ቁርሱን ተወ።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ለበዓል ዶሮ ስገነጥል ያንኑ ስፖንጅ ነው የተጠቀምሁት፤ ጠረጴዛውንና ቢላውን አጥቤበት፣ ከዚያ የልጄን ሳህን። ይህ ከሽታው ጋር አንድ ነው? ሁለተኛው፣ በክረምት ፀሐይ በማይወጣበት ጊዜ ጨርቁን የት ላድርቀው?

የላብራቶሪው

አንድ አይደለም፤ የዶሮው ከሽታው ይብሳል። በ2017 የጀርመን ተመራማሪዎች ከየቤቱ በሰበሰቧቸው 14 ስፖንጆች ላይ ጥናት አውጥተው ነበር። ጥቅጥቅ ባለባቸው ቦታዎች በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ከሃምሳ ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ ነበር። በብዛት ከተገኙት አንዱ ያልደረቀ ልብስ ላይ የምናሸተውን ሽታ የሚያመጣ ዓይነት ነው። አብዛኞቹ ጤነኛ ሰው የሚያሳምሙ አይደሉም፤ እንዲሁም ባለቤቶቻቸው አዘውትረን እናጸዳዋለን ያሏቸው ስፖንጆች ካልጸዱት ያነሰ ባክቴሪያ አልነበራቸውም። ተመራማሪዎቹ በየሳምንቱ ቀይሩ ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ስለዚህ ሽታ ስፖንጁ ማርጀቱን ይነግርሻል እንጂ መመረዙን አይነግርሽም።

ጥሬ ዶሮ የነካው ስፖንጅ ግን በዚያው ቀን የተገዛ፣ ሽታ የሌለው ሆኖ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። አፍንጫሽ ምንም አይነግርሽም። የዶሮውን ውሃ በሶፍት ወይም በሚጣል ጨርቅ ጥረጊና ጣዪ፤ ቢላውንና መክተፊያውን ለብቻው በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ። ስፖንጅ ከነካው፣ ዕድሜው አንድ ቀንም ቢሆን፣ የሳህን ዕቃ መሆኑ እዚያ ላይ ይቁም። ለልጅሽ ሳህንና ጡጦ የራሱ ብሩሽ ይኑረው፤ ጸጉሩ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀል።

ምግብ ቤት ያለኝ

በክረምት እኛ የቡና ከሰሉ ካለቀ በኋላ ከምድጃው በላይ ባለው ገመድ ላይ እንሰቅላለን። በኮንዶሚኒየም ይህ አይሆን ይሆናል። እንጀራ የተጋገረ ዕለት ግን ምጣዱ ጠፍቶ ሙቀቱ ሳያልቅ አጠገቡ ዘርጊው።

በየሳምንቱ መቀየሩን ግን አልስማማበትም። በዓመት ሃምሳ ሁለት ስፖንጅ! ቆሻሻው የት ይገባል?

የላብራቶሪው

እውነትህን ነው፤ እኔም ራሴ በየሳምንቱ አልቀይርም፣ ምክንያቱም ስፖንጅ መግዛት አቁሜአለሁ። ብሩሽ ብዙ ወር ይሠራል፤ ጸጉሩ ሲጣመምና ሥሩ ላይ ጥቁር ነገር ሲያዝ ይለወጣል። ስፖንጅ የሚይዝ ሰው ግን አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት፣ የሸተተ ዕለት ደግሞ ወዲያው ይቀይር። ያረጀውን ለመታጠቢያ ቤት ወለል ማድረግ ይቻላል፤ ምልክት እንዲሆን ጥጉን በመቀስ ቁረጡት፣ ወደ ኩሽና ተመልሶ እንዳይገባ።

የፒያሳዋ እናት

ጥጉን መቁረጡ ደግ ነው። እኔ ቤት ግን የልጅ ልጆቼ የቱ ጥግ የተቆረጠ፣ የቱ በአይጥ የተበላ እንደሆነ አይለዩም። ለወለሉ ቀለሙ የተለየ ግዢ፣ ልጄ።

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)

ስፖንጁ ዛሬ ወጥቷል። ሁለት ብሩሽና ከአሮጌ አንሶላ የተቀደዱ ስምንት ጨርቆች አሉኝ። ብሩሹ የብርጭቆ ወለል አልደርስ ብሎኛል፤ ለእርሱ ምን ትጠቀማላችሁ?