31 ስም ጽፌ አንድ የሒሳብ ሰው አጣሁ

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አገር ቤት 6 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚህ አሜሪካ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ጓደኛዬ «የምታውቃቸውን ሰዎች በክብ በክብ ጻፋቸው» ብሎኝ ሞከርኩ። መሀል ላይ እኩለ ሌሊት ብደውል የሚያነሱልኝ 5 ሰዎች። ቀጥሎ የእቁብ፣ የቤተ ክርስቲያንና የሥራ ሰዎች፣ 14። ዳር ላይ ሰላም ብቻ የምንባባል 12። በሒሳብ ሙያ የሚሠራ ግን አንድም የለም። አሁን ምን ላድርግ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ሰው አብዛ። ሰርግም ልቅሶም አይለፍህ። እኔ የማውቀው ሰው ከ200 ይበልጣል።

ከአትላንታ፦
እቁቡ ላይ ክፍት ቦታ አለ እንዴ? በየስንት ጊዜ ነው የሚጣለው?

ከዳላስ፦
ሰርግ ላይ የሚገኘው ያው የምናውቀው ሰው ነው። ወንድሜ፣ ወረቀቱን ገና አልጨረስከውም። እርስ በርስ የሚተዋወቁትን በመስመር አገናኛቸው። መስመሩ እንደ ሸረሪት ድር ከበዛ፣ አንዱ የሰማውን ሁሉም ሰምቶታል ማለት ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ስም ሥር «ቀኑን ከማን ጋር ይውላል?» ብለህ ጻፍ። ሙያውን ሳይሆን ውሎውን። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 ያሳተመው ጥናት አለ። ቦስተን አጠገብ በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን ጠይቆ፣ አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ሆኖ አገኘው። የ12ቱን ክብ አትናቀው።

ጠያቂ፦
ሠራሁት። 26ቱ ድር ሆኑ። ከድሩ ውጭ ከቀሩት አምስቱ አንዱ ጋናዊ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ማታ ማታ ኮሌጅ አካውንቲንግ ይማራል። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አልጠየቅኩትም! ሌላዋ የመዘምራን እህታችን ናት። ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት።

ከዳላስ፦
እሷን ያዝ። አንድ እግሯ ከእናንተ ጋር፣ አንዱ ከቢሮ ሰዎች ጋር ነው። ግን መጀመሪያ የክሊኒኩን ሒሳብ ከሚሠራው ሰው ጋር መቼ እንዳወሩ ጠይቃት። «በስም ነው የማውቀው» ካለች ድልድይ አይደለችም። ካወሩ ደግሞ ሥራ አስገቢኝ አትበላት። «ለ15 ደቂቃ ስለ ሥራው ላነጋግረው እችላለሁ?» በላት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እምቢ ማለት ቀላል ነው፣ ስለዚህ አትጨነቅም።

ከሲያትል፦
ለእናንተ ቀላል ነው። እኔ ለአንዱ ልጅ ዋስ ሆኜ ሥራ ባስገባው፣ በሁለተኛው ሳምንት ሳይናገር ጥሎ ሄደ። አለቃዬን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከማንም አላገናኝም።

ከዳላስ፦
እውነትሽን ነው፣ እህቴ። ማስተዋወቅና ዋስ መሆን ለየቅል ናቸው፤ ቀጣሪው ግን ለይቶ አያይልሽም። ለዚህ መላ የለኝም።

ጠያቂ፦
ጋናዊው ሐሙስ ከክፍሉ ልጆች ጋር ያስተዋውቀኛል። ለእህታችን ማታ ጻፍኩላት። አንብባዋለች፣ አልመለሰችም። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ላይ እንገናኛለን።