የፈተና ውጤትና የዓመት ክፍያ በአንድ ገጽ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የግል ትምህርት ቤቶች ማኅበራችን አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ ከምዝገባ በፊት ለማጠናቀቅ አስተያየታችሁን እጠይቃለሁ። ክረምት ሲገባ ወደ ቢሯችን የሚመጣ ወላጅ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ባለፈው ዓመት ስንት አሳለፋችሁ?» እና «ወሩ ስንት ነው?»። ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ እንደ ጠባብ አመለካከት ቆጥረን ስለ ቤተ ሙከራችን፣ ስለ ግቢያችን ስፋትና ስለ ሥነ ምግባር ማውራት እንጀምራለን፤ ወላጁም በትሕትና አዳምጦ አጠገባችን ወዳለው ትምህርት ቤት ይሄዳል። የእኔ እምነት ጥያቄዎቹ ትክክለኛ ናቸው የሚል ነው። ጉድለቱ ያለው በምንሰጣቸው መልሶች ላይ ነው፤ ውጤቱን በመቶኛ ብቻ፣ ክፍያውን በወር ብቻ ስለምንናገር ወላጁ ትምህርት ቤቶችን በእውነት ማወዳደር አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ትምህርት ቤት በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን በዝርዝር እንዲያወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ርዕሰ መምህርት፣ ጉለሌ፦

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴንም በራሴ ትምህርት ቤት ካየሁት ልንገራችሁ። በሠፈራችን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ከሁለት ዓመት በፊት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹ በሙሉ ማለፋቸውን የሚገልጽ ትልቅ ባነር በሩ ላይ ሰቀለ፤ በባነሩ ላይ የ24 ልጆች ፎቶ ነበረ። እኛ በዚያው ዓመት 61 ልጆች አስፈትነን 52 አሳለፍን፤ ይህም 85 በመቶ ነው። ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ለ7ኛ ክፍል ሊመዘገቡ ቃል ገብተውልን ከነበሩ ወላጆች ብዙዎቹ ወደዚያ ሄዱ።

ነገር ግን ካስፈተንናቸው 61 ልጆች መካከል ዘጠኙ በ8ኛ ክፍል መጀመሪያ መልቀቂያ ይዘው ከዚያው ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። የ7ኛ ክፍል ካርዳቸውን ከፋይሉ አውጥቼ ሳየው፣ በደረጃ መስመሩ ላይ «38ኛ ከ41»፣ «35ኛ ከ41» ይላል፤ ከዘጠኙ አንድም ከ29ኛ በላይ የወጣ ልጅ የለም። ትምህርት ቤቱ በደረጃው አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረው፣ 7ኛን የጨረሱት 41 ሆነው የተፈተኑት 24 ናቸው ማለት ነው። ከቀሩት 17 ልጆች ስምንቱ የት እንደሄዱ አላውቅም፤ ቤተሰብ ሠፈር የቀየረም ይኖራል። ወደ እኛ የመጡት ዘጠኙ ግን ወላጆቻቸው ተጠርተው «ልጁ ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል» መባላቸውን ነግረውናል። ከእነዚህ ዘጠኝ ልጆች አምስቱ እኛ ዘንድ አለፉ፤ አራቱም ባያልፉ እስከ መጨረሻው ቀን በክፍላችን ነበሩ። ባነር ላይ የሚያወጣቸው የለም እንጂ የአስተማሪዎቼ ትልቁ ሥራ እነዚህ አምስት ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ በቅጹ ላይ «ስንት አለፉ» ከሚለው በፊት «በ7ኛ ክፍል መስከረም ላይ ስንት ነበሩ፣ ስንት መልቀቂያ ወሰዱ፣ ስንት ከሌላ ቦታ መጡ፣ ስንት ተፈተኑ» የሚሉ አራት ቁጥሮች ይቅደሙ። እኛ በ55 ጀምረን፣ 3 ሸኝተን፣ 9 ተቀብለን፣ 61 አስፈትነናል። ቁጥሮቹ ከሮስተሩና ከመልቀቂያ መዝገቡ ስለሚገኙ ተጨማሪ ሥራ አይጠይቁም።

የትምህርት ቤት ባለቤት፣ ለሚ ኩራ፦

እህቴ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ወላጅ ይህን ሁሉ ቁጥር ያነባል ብዬ አላምንም። በአዲሱ ሠፈራችን ስልክ የሚደውል ሰው የሚጠይቀው ወርሃዊውን ብቻ ነው፤ 5,200 ብር ስንለው «አጠገባችሁ 4,500 ነው» ብሎ ይዘጋዋል። በእኔ አስተያየት ማኅበሩ ሊመክር የሚገባው ወርሃዊ ክፍያን ዝቅ አድርጎ ልዩነቱን በመመዝገቢያና በማጠናከሪያ ትምህርት መመለስን ነው። ጎረቤታችን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ክፍሎቹም ሙሉ ናቸው።

የሒሳብ ሹም፣ ቂርቆስ፦

ወንድማችን ወላጅ ወርሃዊውን አስቀድሞ ይጠይቃል ማለታቸው ልክ ነው፤ ያቀረቡት መፍትሔ ግን ወላጁን በሁለተኛው ወር የሚያስቆጣ ነው። የጠቀሱትን ጎረቤት ክፍያ እኔም ስለማውቀው እስቲ እንደምረው። ወርሃዊው 4,500 ለአሥር ወር 45,000፣ መመዝገቢያ 5,000፣ መጽሐፍ 6,000፣ ግዴታ የሆነው ማጠናከሪያ በወር 800 ለአሥር ወር 8,000፤ ድምሩ 64,000 ብር ይሆናል። የእርስዎ ደግሞ 5,200 በአሥር ወር 52,000፣ መመዝገቢያ 3,000፣ መጽሐፍ 4,000፣ ማጠናከሪያው በክፍያው ውስጥ ነው፤ ድምሩ 59,000 ብር ነው። በስልኩ ውድ የተባሉት እርስዎ በዓመት በ5,000 ብር ትረክሳላችሁ፤ ይህን ግን ለወላጁ የነገረው የለም።

ከዓመቱ ድምር በላይ የሚሰማው የመስከረም ወር ወጪ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል አልፈው ወላጁ ኪሱ በሳሳበት ወር፣ እዚያ 16,300 ብር በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ እናንተ ዘንድ 12,200 ነው። ስለዚህ በክፍያው በኩል ሦስት መስመር ብቻ ይኑር፤ ወርሃዊው፣ በመስከረም በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ሁሉ፣ እና የዓመቱ ጠቅላላ። ደንብ ልብስና ሰርቪስ ሁሉም ስለማይወስዳቸው ለብቻቸው ከሥር ይጻፉ። በዓመቱ መካከል ሊጠየቅ የሚችል ሌላ ክፍያ ካለም በቅጹ ላይ ያልተጻፈ አይጠየቅ። ወላጅ የሚማረረው ከዋናው ክፍያ ይልቅ በኅዳር ወር ከልጁ ቦርሳ ውስጥ በሚያገኘው ቁራጭ ደብዳቤ ነው።

የትምህርት ቤት ባለቤት፣ ለሚ ኩራ፦

የመስከረሙን ስሌት አላሰብኩትም ነበር፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን በስልክ ለሚጠይቅ ሰው ወርሃዊው አስቀድሞ ይነገረው፤ ሳንመልስለት ወደ ዓመቱ ድምር ከሄድን የምንደብቀው ነገር ያለን ይመስለዋል።

አባል፣ አቃቂ ቃሊቲ፦

እኔን ግራ ያጋባኝ ማኅበሩ የክፍያ ጣሪያና ወለል ሊያወጣልን ነው ወይ የሚለው ነው። ከሆነ በጣም ደስ ይለኛል፤ ዋጋ እየሰበሩ ተማሪ የሚወስዱብንን ያስታግስልናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

አይደለም፤ ይህ በግልጽ ይታወቅልኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪዎች ዋጋ ለመወሰን የሚያደርጉትን ስምምነት ይከለክላል። በስብሰባችንም ሆነ በዚህ ውይይት «በዚህ ዓመት ይህን ያህል እንጨምር» የሚል ሐሳብ መነሳት የለበትም። ጭማሪ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከራሱ ወላጆች ጋር የሚወያይበት ጉዳይ ነው። የምንስማማው ክፍያው በሚጻፍበት ቅጽ ላይ እንጂ በመጠኑ ላይ አይደለም።

ርዕሰ መምህር፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ የካ፦

ለ12ኛ ክፍል አንድ ነገር ልጨምር። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ከዚያ በፊት የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ያለ ስለነበር «ተማሪዎቻችን በሙሉ ዩኒቨርሲቲ ገቡ» የሚሉ የድሮ ባነሮች ዛሬ ከሚወጣው ውጤት ጋር ሊወዳደሩ አይችሉም። እኔ ራሴ የድሮውን ባነር አውርጄ ወላጆችን ሰብስቤ ትክክለኛውን ቁጥር ስነግር ይሸሻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሸሸው ግን ጥቂት ነው። አገራዊውን ቁጥር ሁሉም ሰምቶ ስለነበር ያመኑን መሰለኝ።

የእኛ ችግር የተማሪ ማነስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 19 አስፈትነን 2 አለፉ፣ በቀጣዩ 20 አስፈትነን 5፣ በሦስተኛው 18 አስፈትነን 3። በሁለተኛው ዓመት «ውጤታችን ከእጥፍ በላይ አደገ» ብለን መጻፍ እንችል ነበር፤ ልዩነቱ ግን ሦስት ልጆች ናቸው፤ በሦስተኛው ዓመትም ያው ባነር ውሸት ይሆን ነበር። ስለዚህ ቅጹ የሦስት ዓመት ድምር ይያዝ፤ የእኛ ከ57 ተፈታኞች 10 ነው። ከ30 በታች የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ደግሞ መቶኛ ባይጽፍ፣ ቁጥሩን ብቻ ቢያስቀምጥ ይሻላል።

የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤት፣ ቦሌ፦

እኔ ኬጂ ብቻ ነው ያለኝ፤ ፈተና የለንም። ወላጆች የሚጠይቁኝ ልጁ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ለ1ኛ ክፍል የሚሰጡትን የመግቢያ ፈተና ያልፋል ወይ ብለው ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ይህን ቃል መግባት ከሕሊናዬ ጋር ያጣላኛል፤ ካልገባሁ ደግሞ ሄደው የሚገባላቸው ያገኛሉ። በቅጹ የውጤት ክፍል ምን ልጻፍ?

ርዕሰ መምህርት፣ ጉለሌ፦

እህቴ፣ ይህን ቃል ባይገቡ ይሻላል። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንት መምህርትና ስንት ሞግዚት እንደተመደበ፣ ባለፈው ዓመት ካስተማሩት መምህራን ስንቱ ዘንድሮም እንዳሉ ቢጽፉ በቂ ነው። ወላጅ መጥቶ በዓይኑ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። አራቱ ቁጥሮች ልጆችን ማስወጣትን ያሳያሉ እንጂ ትምህርት ቤቱ ለልጁ ምን እንደጨመረለት አያሳዩም። ጎበዝ ልጆችን በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ልጅ ሳያስወጣም ጥሩ ውጤት ያመጣል። ለዚህ እኛ 7ኛ ክፍል ለሚገቡት ሁሉ በመስከረም በአማርኛ ንባብ፣ በእንግሊዝኛና በሒሳብ መለያ ፈተና እንሰጣለን፤ በሰኔም በተመሳሳይ ክብደት እንደግመዋለን። ከሌላ ትምህርት ቤት በሒሳብ 90 የሚል ካርድ ይዞ መጥቶ ክፍልፋይ መደመር ያቃተው ልጅ አጋጥሞናል። ይህ ፈተና ልጁን ከየት እንዳነሳነው ለአባቱ በወረቀት እንድናሳየው አስችሎናል፤ አባትየው ዛሬ ሁለተኛ ልጁንም እኛ ዘንድ አስመዝግቧል።

የሒሳብ ሹም፣ ቂርቆስ፦

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፈተናውን ራሳችን አውጥተን ራሳችን ካረምነው በመስከረም ከባድ፣ በሰኔ ቀላል እንዳናወጣ የሚከለክለን የለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁሉም «ተማሪዎቼ 40 ነጥብ አደጉ» ማለት ይጀምራል፤ ቅጹም ሌላ ባነር ይሆናል።

ርዕሰ መምህርት፣ ጉለሌ፦

የአንዱን ትምህርት ቤት የሌላው መምህራን ይፈትኑ፣ ይረሙም። በዓመት ሁለት ቅዳሜ ነው የሚጠይቀው።

የትምህርት ቤት ባለቤት፣ ለሚ ኩራ፦

በዚህ አልስማማም። አንድ ጊዜ መምህራኖቼ እዚያ ሄደው ደመወዝ ሲጠያየቁ፣ የእነርሱም እኔ ዘንድ መጥተው የክፍሎቼን ድክመት ሲያዩ፣ በሚቀጥለው ሐምሌ መምህርም ተማሪም ላጣ እችላለሁ። የሦስት ዓመቱን ውጤትና የክፍያውን ገጽ ግን ዛሬውኑ እፈርማለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

እስካሁን በተባለው መሠረት ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። «አባል ትምህርት ቤቶች ከሐምሌ 1 ጀምሮ በምዝገባ ቢሯቸው በር ላይ አንድ ገጽ ይለጥፋሉ፤ ለጠየቀ ወላጅም በእጁ ይሰጣሉ። ገጹ ወርሃዊ ክፍያን፣ በመስከረም በአንድ ጊዜ የሚከፈለውንና የዓመቱን ጠቅላላ በዚህ ቅደም ተከተል ይይዛል። በመቀጠል ክፍሉን የጀመሩትን፣ መልቀቂያ የወሰዱትን፣ ከሌላ የመጡትን፣ የተፈተኑትንና ያለፉትን የሦስት ዓመት ቁጥር ይይዛል። ከ30 በታች ተፈታኝ ያለው መቶኛ አይጽፍም። መዋዕለ ሕፃናት በውጤት ፋንታ የልጆችን፣ የመምህራንንና የሞግዚቶችን ቁጥር ይጽፋሉ።»

የመስከረምና የሰኔው ፈተና በዚህ ዓመት ሐሳብ ውስጥ አይካተትም፤ ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ትምህርት ቤቶች እርስ በርስ ሞክረውት በሰኔ ሪፖርት ያቅርቡ ብዬ አስቤአለሁ። ጉለሌ አንዷ እንደምትሆን እቆጥራለሁ፤ ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ነው። ያልተቋጨው ሌላው ጉዳይ ቁጥሩን አዛብቶ የጻፈ አባል ምን ይሁን የሚለው ነው። መዝገቡን ማን ሄዶ ያያል፣ ስንት ጊዜ ያያል የሚለውን በተመለከተ እስከ ሐሙስ ድረስ ሐሳብ እጠብቃለሁ።