በእውነት የዘገየ ክፍያ ከክሬዲት ሪፖርት ላይ እንዲነሳ መጠየቅ ተገቢ ነው?

ሄለን፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ባንክ ስቀይር የመኪና ብድሬ አውቶፔይ በተዘጋው አካውንት ላይ ቀርቶ ክፍያው ተመለሰ። እስካውቅ ድረስ 30 ቀን አለፈ። እንዳወቅኩ ከፈልኩ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አዘግይቼ አላውቅም። አበዳሪው በበጎ ፈቃድ እንዲያነሳልኝ ደብዳቤ ልጽፍ ስል ጓደኛዬ «እውነትን ሰርዙልኝ ማለትሽ እኮ ነው» አለችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ዮናስ፦ ጓደኛሽ ልክ ናት። ክሬዲት ሪፖርት ዋጋ የሚኖረው የሆነውን ሲናገር ነው። ደግሞ ሕጉም አይፈቅድም። አበዳሪ ትክክለኛ መረጃ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት።

ማርታ፦ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል? እኔም «ዘግይተሻል» ተብዬ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ገብቼ ሪፖርቱን ለሚያዘጋጀው ክሬዲት ቢሮ ዲስፒዩት፣ ማለትም መቃወሚያ፣ አስገባሁ፣ ጠፋልኝ።

ጋሽ ተፈራ፦ ማርታ፣ አንቺ በጊዜው ከፍለሽ ነበር?

ማርታ፦ አዎ ጋሼ። ገንዘቡን ሌላ አካውንት ላይ አስገብተውት ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ እንግዲህ ያንቺ የስህተት እርማት ነው። ዲስፒዩት የተሠራው ለዚያ ነው። ሄለን ግን በእርግጥ ዘግይታለች። «አልዘገየሁም» ብላ ብትከራከር ቢሮው አበዳሪውን ይጠይቃል፣ አበዳሪው «ትክክል ነው» ይላል፣ የመዘግየቱ መስመርም ሪፖርቱ ላይ ይቀራል። እውነት ያልሆነ ነገር ፈርማ መላኳ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ዮናስ፣ አንተ ግማሹን ይዘሃል። ሕጉ የሚለው የምታስተላልፈው ነገር ትክክል ይሁን ነው። አበዳሪ አንድን የዘገየ ክፍያ በራሱ ፈቃድ ቢያነሳ የሚከለክል አንቀጽ የለም። ግን አበዳሪዎች ከክሬዲት ቢሮዎቹ ጋር የተሟላ መረጃ ለመስጠት ይዋዋላሉ። ብዙ ትልልቅ ባንኮች «እንዲህ አናደርግም» የሚል መመሪያ ያላቸው አንድም በዚህ ነው። እምቢ ቢሏት መብታቸው ነው።

ዮናስ፦ እሺ፣ ሕጉን በተመለከተ ተቀብያለሁ። ፍትሑስ? ጥሩ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ይሰረዝለታል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው፣ ወይም እንዲህ መጠየቅ እንደሚቻል የማያውቀው ሰው እስከ 7 ዓመት ተሸክሞት ይኖራል። ሁለቱም የዘገዩት እኩል ነው።

ሄለን፦ ይህ ነገር እኔንም ይከነክነኛል። ግን ቤት ለመግዛት ልጠይቅ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ እኔ ብዙ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንብቤያለሁ፣ ሥራዬ ነበር። መስመሩ የተጻፈው ለመክፈል አቅም ወይም ፈቃድ ያጣ ሰውን ለመለየት ነው። ያንቺ ግን የአውቶፔይ መቋረጥ ነው፣ ማስረጃም አለሽ። ስለዚህ ብትጠይቂ ነውር አይደለም።

መጀመሪያ አካውንቱ ላይ ምንም ውዝፍ አለመኖሩን አረጋግጪ። ውዝፍ ይዞ የሚለምን ደብዳቤ ወዲያው ነው የሚመለሰው። ከዚያ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ጻፊ። የትኛው ወር እንደሆነ፣ ለምን እንደተመለሰ፣ መቼ እንደከፈልሽ ንገሪያቸው። የድሮው አካውንት የተዘጋበትን ወረቀትና አዲሱን አውቶፔይ የሚያሳየውን አያይዢ። ጥያቄሽም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ «የዚህን ወር የ30 ቀን መዘግየት ለኤክስፒሪያን፣ ለኢኩፋክስና ለትራንስዩኒየን በበጎ ፈቃዳችሁ እንድታነሱልኝ እጠይቃለሁ።» «ግዴታችሁ ነው» አትበዪ፣ አይደለምና። አድራሻውንም ተጠንቀቂ። ቼክ የሚላክበት አድራሻ ክፍያ ብቻ የሚለቀምበት ነው፣ ደብዳቤሽ እዚያ ሊጠፋ ይችላል። የደንበኞች ደብዳቤ የሚቀበሉበትን ፈልጊ።

ማርታ፦ መነሳቱን በምን ታውቃለች?

ጋሽ ተፈራ፦ «እሺ» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም። አንድ ወር ያህል ጠብቃ AnnualCreditReport.com ላይ የሦስቱንም ክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርት ታውጣ። በነጻ ነው። የዚያን ወር ሳጥን በየአንዳንዳቸው ትይ። ሁለቱ ጋ ተስተካክሎ ሦስተኛው ጋ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እምቢ ካሏትም ለቤት አበዳሪው ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ትችላለች። ያ ግን ምንም አያሰርዝም። ብድሩን የሚወስነው ሰው ታሪኩን እንዲያውቅ ነው የሚረዳው።

ዮናስ፦ ለእኔ ይሄኛው ይሻላል። መረጃው ባለበት ይቆያል፣ ምክንያቱም ይታወቃል።

ሄለን፦ ዮናስ፣ የክሬዲት ስኮሩን የሚያሰላው ሲስተም ግን ምክንያት አያነብም። ወለዱን የሚያስወድድብኝ ደግሞ ስኮሩ ነው።

ዮናስ፦ እንግዲያው አበዳሪዎች ደንቡን ይፋ ያውጡት። «ለዓመታት ያላዘገየ ደንበኛ አንድ ጊዜ ይነሳለታል» ይበሉና ለሁሉም እኩል ይሥራ።

ጋሽ ተፈራ፦ ይፋ ከወጣማ ሁሉም አንዷን ዕድሉን ይጠቀምባታል። ያኔ ሪፖርቱን ማን ያምነዋል?

ዮናስ፦ አሁንስ በድብስብስ እየተሠራ የሚታመነው በምን ምክንያት ነው ጋሼ?