የርቀት ሥራ መመሪያ ረቂቅ፦ መብራት ሲጠፋ ሥራ ላይ ነን ወይስ አይደለንም?

ጸሐፊዋ፣ ደብረ ብርሃን፦ ለአሠሪያችን የምናቀርበው ረቂቅ ሊያልቅ ተቃርቧል። ያልተስማማንበት «መገኘት» የሚለው አንቀጽ ነው። አሁን ያለው ጽሑፍ «ሠራተኛው ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30፣ ከምሳ ሰዓት በስተቀር፣ ሲጠራ ወዲያው ይመልሳል» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው መብራት የማይጠፋበት አገር የሚኖር ይመስለኛል። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ እስከ 5 ሰዓት ያዘልኝ፤ መብራቱ የመጣው 10 ሰዓት ላይ ነው። የምሳ ሰዓቱን ስንቀንስ የጠፋው 4 ሰዓት ነው። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተቀምጬ ጨረስኩት፤ የሥራ ሰዓት መዝገቡ ላይ ግን «ከሥራ ገበታ የተለየች» ተብዬ ተጻፍኩ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ታዲያ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቂ እንጂ! ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሠራሽው በ1.75 ይባዛል። በነገራችን ላይ የእኔ ቤት ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ቬንቲሌተር በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ ይግባልኝ።

የቀድሞው የሰው ኃይል ኃላፊ፣ ደብረ ብርሃን፦ ማባዣው ልክ ነው፤ ግን የሚሠራው ለትርፍ ሰዓት ነው። የእኅታችንን ቀን ቁጠሩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ አራት ሰዓት፤ ድምሩ 8 ነው። ከመደበኛው ሰዓት አልዘለለም፣ ያዘዛትም የለም። እኔ የምመክረው ከዚያ በፊት ያለውን መጠየቅ ነው፦ ያን ማታ መሥራት ነበረባት ወይ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 54 ላይ፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያ ወይም በጥሬ ዕቃ መቋረጥ፣ ወይም ከእሱ ባልመነጨ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ ይከፈለዋል ይላል። ስለዚህ አንቀጻችን ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ዝግጁ ነበርኩ» የሚባለው በምን ይረጋገጣል የሚለው ነው። ቢሮ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ወንበርሽ ላይ መቀመጥሽ ብቻ ይበቃ ነበር።

ጸሐፊዋ፦ እንዲህ ብንጽፈውስ ጋሼ? «መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሠራተኛው በ30 ደቂቃ ውስጥ ለቅርብ አለቃው በአጭር መልእክት ያስታውቃል፤ ሲመለስም እንዲሁ። በሁለቱ መልእክቶች መካከል ያለው ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል።»

የቀድሞው ኃላፊ፦ ደህና ነው። አሠሪው ሥራው ይካካስ ቢል ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ይደልደል። አዋጁ የአንዱን ቀን ሰዓት ቀንሶ ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የትኛውም ቀን ከ10 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የአንቺ 4 ሰዓት ረቡዕና ሐሙስ ሁለት ሁለት እየሆነ ያልቃል። እኩለ ሌሊት ድረስ የሚያስመሽ ነገር የለውም።

ከመሐል ሜዳ፦ እኔ ግን መብራት ስለጠፋ ሥራ አቁሜ አላውቅም። የተበዳሪዎቹን ዝርዝር ወደ ስልኬ ልኬ፣ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ገብቼ እጨርሳለሁ። ታታሪነት ስህተት ሆነ እንዴ?

የመረጃ ክፍል ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦ በምን ላክኸው?

ከመሐል ሜዳ፦ በቴሌግራም። ለራሴ ነው የላክሁት፣ ለሌላ ሰው አይደለም።

የመረጃ ክፍል ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ያ ዝርዝር የሰዎች ስም፣ ስልክና የዕዳ መጠን ነው። አሁን በስልክህ፣ በቴሌግራም አካውንትህና ምናልባትም ልጆችህ በሚከፍቱት ጋለሪ አጠገብ ተቀምጧል። ስልኩ ቢጠፋ ማን ምን እንዳየ የምናውቅበት መንገድ የለም። የኩባንያው ላፕቶፕ ግን ዲስኩ በBitLocker የተቆለፈ ስለሆነ፣ ተዘግቶ ቢሰረቅም ፋይሉ አይነበብም። የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ከላፕቶፑ ሽፋን ሥር የለጠፈ ሰው ግን አይቻለሁ። ረቂቁ ውስጥ «የደንበኛ ፋይል ወደ ግል ስልክ፣ ፍላሽ ወይም የመልእክት መተግበሪያ አይወጣም፤ የመክፈቻ ቁልፉም ቢሮ ይቀመጣል» የሚል ይግባ።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ ሁለቱ አንቀጾች የተያያዙ ናቸው። ወንድማችን ፋይሉን ያወጣው «ጠፍቶ ዋለ» እንዳይባል ፈርቶ ነው። መብራት የጠፋበት ሰዓት እንደማይቆረጥበት ቢያውቅ ላፕቶፑን ዘግቶ ቡናውን ያፈላ ነበር።

ከመሐል ሜዳ፦ ይህ እውነት ነው። ግን የመብራት መቋረጡ ሳምንት ሙሉ ቢሆንስ? ደግሞ ሲቆይ የስልክ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፤ መልእክቱን በምን ልላክ?

የቀድሞው ኃላፊ፦ ለረጅሙ መቋረጥ አሠሪው ለሮውተሩ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ያቅርብ ብለን መሣሪያው አንቀጽ ውስጥ እናስገባ። ሮውተር የሚበላው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ሰዓታት ይይዛል፤ ሳምንት ግን አይይዝም። ከሁለት ቀን ካለፈ ወደ ቅርንጫፍ መጥቶ መሥራት፣ ትራንስፖርቱ በአሠሪው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሁለት ቀን አልስማማም፤ ለእኔ ቅርንጫፉ ሩቅ ነው። አምስት ይሁን። ቬንቲሌተሩስ?

ጸሐፊዋ፦ ቬንቲሌተሩን በመሣሪያ አንቀጽ ውስጥ በተጨማሪ ጥያቄነት እይዘዋለሁ፤ ቃል አልገባም። የቀናቱ ቁጥር ባዶ ይቀመጥ፣ ቅዳሜ ተገናኝተን እንሙላው። ኔትወርክም ለጠፋበት ሰው «እንደተመለሰ ወዲያው ያስታውቃል» የሚል ጨምሬያለሁ፤ ያኔ ያልጠፋ መብራት ጠፋ ብሎ የሚጽፍ ቢኖር በምን እንደሚታወቅ ግን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።