የወቅቶች መፈራረቅ በነጭ ሰሌዳ ሥዕል፦ የሁለተኛው ትዕይንት ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ማኅበራችን የሚያቀርበው የቪዲዮ ትምህርት አምስት ደቂቃ ነው፤ ተራኪው ሲናገር አንድ እጅ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሲሥል ይታያል። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ፀሐይ መሃል ትሳላለች፤ ምድር በሞላላ ምሕዋር ላይ አራት ቦታ ትቀመጣለች። ማስተካከያ ያላችሁ ጻፉ።

ሠዓሊው፦ ሞላላው ይውጣ። እንቁላል የመሰለ ምሕዋር ያየ ተማሪ ሙቀት የሚመጣው ምድር ወደ ፀሐይ ስትጠጋ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ተራኪው ደጋግሞ ቢያስተባብልም ሥዕሉ ይበልጣል። እውነተኛው ምሕዋር ሰሌዳ ላይ ቢሳል ከክብ አይለይም። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፣ በ147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ያኔ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በብርድ ላይ ነው።

የጂኦግራፊ መምህር፦ ትክክል፤ ምክንያቱ የዘንጓ ማዘንበል ነው። ያዘነበለው ግማሽ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ይሞቃል። ጽሑፉ ላይ እንዲህ ይግባ።

የፊዚክስ መምህርት፦ መምህር፣ ማዘንበሉ ላይ እስማማለሁ፤ «ስለሚቀርብ» የሚለው ግን በበሩ ያስወጣነውን ስሕተት በመስኮት ይመልሰዋል። የምድር ውፍረት 12,700 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከፀሐይ ርቀት አንጻር ከቁጥር አይገባም። የሚያሞቀው ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ማረፉና ቀኑ መርዘሙ ነው። በባትሪ መብራት ይሳል፦ ቀጥ ሲል ትንሽ ክብ፣ ሲያጋድል ሰፊና የደበዘዘ ሞላላ። «በጋ» እና «ክረምት» የሚሉትንም እንተዋቸው፤ በአማርኛ ደረቅና ዝናባማ ጊዜን ስለሚያመለክቱ ተማሪውን ያደናግራሉ። «ሞቃት ወቅት» እና «ቀዝቃዛ ወቅት» ይሁን።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ እኔ ስለ አሲድ ባዘጋጀሁት ትምህርት ሥዕሉ ከድምፁ ሃያ ሰከንድ ቀድሞ አለቀ። ተማሪዎቼ የእጁን ፍጥነት እያደነቁ የተነገረውን አልሰሙም። እዚህ የሚነገረው እንዳያመልጣቸው ሁሉም ቃል በጽሑፍ ይታይ?

ሠዓሊው፦ አይሆንም፤ የሚነገረውን እንዲያነቡም ካደረግናቸው ዓይናቸው ከሥዕሉ ይነሣል። «ዘንግ»፣ «ብርሃን» የመሳሰሉ አጫጭር መለያዎች ይበቃሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው ድምፁ ነው፤ መጀመሪያ ይቀዳ። የዚህ ትዕይንት ትረካ 40 ሰከንድ ነው፤ አራቱን ምድሮች በእጄ ስሞክር ሁለት ደቂቃ ወሰዱ። ስለዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ እናፈጥናለን፤ ዘንጉን ግን አናፈጥንም። «ዘንግ» የሚለው ቃል ሲነገር መስመሩ ቀስ ብሎ ይሰመር፤ ከዚያ እጁ ወጥቶ ሰሌዳው ሦስት ሰከንድ ጸጥ ይበል።

አንድ ነገር አደራ። ብዙ ሠዓሊ ሳያውቀው በአራቱም ቦታ ዘንጉን ወደ ፀሐይ ያዘነብላል። ማስመሪያ በመጀመሪያው ዘንግ ላይ አስቀምጣችሁ አቅጣጫውን ሳትለውጡ ወደ ሌሎቹ አንሸራትቱት፤ የማይገጥም ካለ ሥዕሉ ተበላሽቷል፤ ወቅትም አይፈራረቅም።

የጂኦግራፊ መምህር፦ «ስለሚቀርብ» የሚለውን አንሥቻለሁ። ግን ክብ ብቻ ከሳልን ተማሪው ምሕዋሩ ፍጹም ክብ ነው አይልም?

ሠዓሊው፦ ሊል ይችላል። በአንድ ዐረፍተ ነገር እናንሣው ወይስ ለሌላ ትምህርት እንተወው፣ እኔም አልወሰንኩም።

አስተባባሪ፦ ክቡ ምሕዋር፣ የባትሪው ሥዕልና የማስመሪያው ፍተሻ ዕቅዱ ውስጥ ገብተዋል። የመጨረሻውን ጥያቄ ድምፁ ከመቀዳቱ በፊት እንመለስበታለን።