ከውጭ አገር በተገዛ አገልግሎት ላይ ታክሱን በራሴ ሳሰላ የተፈጠረ ልዩነት

ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ መዝገብ የምይዝለት ድርጅት አንድ ማሽን በ400,000 ገዝቶ በ15 በመቶ መጣኔ 60,000 ተጨማሪ እሴት ታክስ ለሻጩ ከፍሏል፤ ደረሰኙም በእጄ ነው። ማሽኑን በርቀት አስተካክሎ ሥራ ያስጀመረው የውጭ ባለሙያ ግን 100,000 ብቻ ጠይቆ በደረሰኙ ላይ ምንም ታክስ ስላላሰፈረ፣ ሪቨርስ ቻርጅ በሚባለው አሠራር ታክሱን አስልተን ማስታወቅ የእኛ ግዴታ ሆኗል።

ከሽያጫችን 80 በመቶው ታክስ የሚከፈልበት፣ ቀሪው ነፃ በመሆኑ ተመላሽ የማገኘው ከማሽኑ 48,000፣ ከአገልግሎቱ ደግሞ 12,000 ነው ብዬ 60,000 ጠየቅሁ። መዝገቤ ግን 45,000 ብቻ ያሳያል። መስመር በመስመር ሳመሳክር፣ በአገልግሎቱ ላይ እንደ ሻጭ ሆነን ልናስታውቀው የሚገባውን 15,000 በማስታወቂያው ላይ ጨርሶ እንዳላስገባሁት ተረዳሁ። ተቀናሹን ብቻ ይዤ ዕዳውን መተዌ በጣም አሳስቦኛል፤ ነገሩ ያልተከፈለ ታክስ ተመላሽ መጠየቅ ነውና።

ማስታወቂያውን ለማረም ወስኛለሁ፤ የቸገረኝ ቀጣዩ ነው። ከማሽኑ ታክስ የማይመለሰውን 12,000 በማሽኑ ዋጋ ላይ ደምሬዋለሁ። ከአገልግሎቱ የቀረውን 3,000ስ፣ ሥራው ማሽኑን ለአገልግሎት ያበቃ ስለሆነ፣ እንዲሁ በማሽኑ ዋጋ ላይ ልደምረው ወይስ የወሩ ወጪ ላድርገው? እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። በተጨማሪም ሥራው ተጠናቆ ደረሰኙ የደረሰን በአንድ ወር፣ ክፍያው የተፈጸመው በሚቀጥለው ስለሆነ፣ 15,000ው የሚታወቀው በየትኛው ወር እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።